ቆጣቢ፣ ቋጣሪ፣ ንፉግ፦ ላልወጣ ገንዘብ የወጡ ስሞች

ከደመወዙ በየወሩ የሚያስቀር ሰው ቆጣቢ ሊባል ይችላል፤ ቋጣሪ፣ ቆንቋና ወይም ንፉግ መባሉም አይቀርም። አራቱም ቃላት የሚናገሩት ስላልወጣ ገንዘብ ነው። ሆኖም የመጀመሪያው ያስመሰግናል፣ የመጨረሻው ያሳፍራል። ቃል በቀጥታ የሚያመለክተው ነገር እማሬያዊ ፍቺ ይባላል፤ ከዚያ ጋር ተያይዞ የሚመጣው የውዳሴ ወይም የነቀፋ ስሜት ደግሞ በፍካሬያዊ ፍቺ ሥር ይመደባል። ይህ ስሜት ከየት እንደሚመጣ መመርመር ይቻላል።

እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጄረሚ ቤንታም በ1817 እ.ኤ.አ. ለንባብ ባበቃው ሠንጠረዥ፣ ሰውን ለድርጊት የሚያነሳሱ ፍላጎቶችን ዘርዝሮ ስሞቻቸውን የሚያወድሱ፣ የሚነቅፉና ገለልተኛ ብሎ ከፋፍሏቸዋል። ለገንዘብ ፍላጎት በውዳሴው ረድፍ የቁጠባ ቃላት፣ በነቀፋው ረድፍ የንፍገት ቃላት ተቀምጠዋል። በእርሱ እይታ ከጀርባ ያለው ፍላጎት አንድ ሆኖ ሳለ፣ ተናጋሪው ስሙን ሲመርጥ ፍርዱንም አብሮ ያሳልፋል። ይህ ብዙ ያስረዳል፤ ለአማርኛዎቹ ቃላት ግን አይበቃም። የእነርሱ ልዩነት ሰዋስዋቸው ውስጥም ይታያል።

«ቆጠበ» የሚለው ግስ የሚፈልገው ቆጣቢውንና የሚቆጠበውን ነገር ብቻ ነው። ገንዘብ ይቆጠባል፣ ውሃ ይቆጠባል፣ ጉልበት ይቆጠባል፤ ሌላ ሰው ባይነሳም ሐሳቡ ሙሉ ነው። «ነፈገ» ግን ሦስተኛ ወገን ይጠይቃል። «ውሃ ነፈገ» ብለን ብናቆም ሰሚው «ማንን?» ይላል። ስለዚህ ነቀፋው ከውጭ የተለጠፈ አይደለም፤ የሚገባውን ያጣ ሰው በቃሉ ውስጥ አስቀድሞ ቦታ ተይዞለታል። «ቆጣቢ ነው፤ ለተቸገረ ግን ይሰጣል» ቢባል ማንም አይገረምም። «ንፉግ ነው፤ ለተቸገረ ግን ይሰጣል» ቢባል ግን ሁለተኛው ሐረግ የመጀመሪያውን ያፈርሰዋል።

«ቋጣሪ» በሌላ መንገድ ይሄዳል። መነሻው ብርን በነጠላ ጫፍ ቋጥሮ የመያዝ ልማድን ያስታውሳል። «ትንሽ ቋጠር አድርጋ አስቀመጠች» ሲባል አስተዋይነቷ ይነገራል። ያው ግስ ወደ ሰው መጠሪያ ሲለወጥ ግን ይከፋል፤ ምክንያቱም ግሱ የአንድ ጊዜ ሥራን ሲናገር፣ መጠሪያው መፍታትን ጨርሶ የማያውቅ ጠባይን ይናገራል። ስስትም እንዲሁ በሚያርፍበት ነገር ይለወጣል። በገበታ ላይ ነውር ነው፤ እናት ልጇን «በስስት ዓይን» ስትመለከት ግን የሚሰማው ፍቅር ነው።

ለምሳሌ 12,000 ብር ደመወዝ የሚያገኝ አንድ ሠራተኛ በየወሩ 3,000 ብር ያስቀምጣል እንበል። ምሳውን ከቤት ይዞ ይመጣል፤ ታክሲ ትቶ በእግሩ ይሄዳል። እስከዚህ ድረስ ጉዳቱ በራሱ ላይ ነው፤ ባልደረቦቹም ቆጣቢ ይሉታል። ከዚያ አንዱ ባልደረባ አባቱ ይሞትበታል። ለለቅሶው እያንዳንዱ ሰው 200 ብር ሲያዋጣ እርሱ 50 ይሰጣል። የቀረው 150 ብር ከወር ቁጠባው ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው፤ ስሙ ግን በዚያው ቀን ቆንቋና ይሆናል። የተለወጠው የገንዘቡ መጠን ሳይሆን ያልወጣው ገንዘብ የጎዳው ሰው ነው። ሚስቱ ግን ያንኑ 150 ብር ለቤት እንደተረፈ ገንዘብ ልታየው ትችላለች፤ እርሷ ዘንድ አሁንም ቆጣቢ ነው። በየወሩ የሚያስቀምጠው ለታመመች እህቱ ሕክምና መሆኑ ቢሰማ ደግሞ ባልደረቦቹ ራሳቸው ስሙን ይመልሱለት ይሆናል፤ ለእህቱ የሚገባው ድርሻ ከለቅሶው መዋጮ በልጦ ይታያቸዋልና።

ከዚህ በመነሳት የቤንታምን ሐሳብ ማረም የሚቻል ይመስለኛል። ተናጋሪው ስሜቱን ብቻ እየገለጸ ሊሆን ይችላል፤ ግን ይህን መለየት አያስቸግርም። «ንፉግ ነው» ያለውን ሰው «ማንን፣ ምን ነፈገ?» ብሎ መጠየቅ በቂ ነው። የሚገባውን ያጣ ሰው መጥቀስ ከቻለ ቃሉ መረጃ ይዟል። ካልቻለ፣ ወይም «ብቻ አይወጣለትም» ብሎ ካለፈ፣ የቀረው ጥላቻ ነው።

ፈተናው ግን «የሚገባ» በሚለው ላይ ይቆማል። በዕድር ደንብ የተወሰነ መዋጮ ቁርጥ ያለ ነው፤ ያልከፈለ አልከፈለም። በመሥሪያ ቤት ለለቅሶ የሚሰበሰበው ግን ልማድ እንጂ የተጻፈ ደንብ የለውም። 200 ብር የሚለውን ልክ ያወጣው አስቀድሞ የሰጠው ሰው ነው። የመጀመሪያው ሰው 50 ብር ሰጥቶ ቢሆን ኖሮ፣ የዚያ ሠራተኛ 50 ብር ማንም ስም የማያወጣለት ተራ መዋጮ ይሆን ነበር።