የአዳራሽና የሳውንድ ኪራይ ሒሳብ፦ ከመያዣው ስንት ይመለሳል?

ለመልስ አዳራሽ የሚያፈላልግ ቤተሰብ በየደረሰበት የሚጠይቀው «ስንት ነው የምታከራዩት?» ብሎ ነው። የሚሰጠው መልስም አንድ ቁጥር ነው። ሒሳብ በሚዘጋበት ምሽት ግን ያ ቁጥር ብቻውን አይመጣም። የሳውንድ ሲስተሙ ኪራይ፣ ቫቱ፣ የትርፍ ሰዓቱ ክፍያና ተቀናንሶ የሚመለሰው መያዣ አብረውት ይቀርባሉ። ኪራዩና ቫቱ ውሉ ሲፈረም ይታወቃሉ። ትርፍ ሰዓቱና የሚመለሰው መያዣ ግን የሚታወቁት ዝግጅቱ ካለቀ በኋላ ነው። ጭቅጭቅ የሚነሳውም ብዙ ጊዜ በእነዚህ በሁለቱ ላይ ነው። ስለዚህ ሒሳቡ እንዴት እንደሚሠራ አንድ ምሳሌ ይዘን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንየው። ዋጋዎቹን የመረጥነው ለስሌት እንዲመቹ ነው፤ እንደ ገበያ ዋጋ አይወሰዱ።

ውሉ ላይ የተጻፈው

አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ቤተሰብ ለመልስ አዳራሽ ተከራየ እንበል። የአዳራሹ ኪራይ ከቀኑ 6 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ላሉት ስድስት ሰዓታት 90,000 ብር ነው። ሳውንድ ሲስተሙ ከነባለሙያው ለዚያው ጊዜ 30,000 ብር ነው። ሰዓቱ ካለፈ አዳራሹ በሰዓት 12,000 ብር፣ ሳውንዱ ደግሞ በሰዓት 4,000 ብር ያስከፍላል። በሁሉም ላይ 15 በመቶ ቫት ይጨመራል። ተመላሽ መያዣው 25,000 ብር ሲሆን ውሉ ሲፈረም የሚሰጠው ቀብድ 30,000 ብር ነው።

እዚህ ላይ መጀመሪያ መጣራት ያለበት ዋጋው ቫትን ጨምሮ ነው ወይስ ሳይጨምር የሚለው ነው። በእኛ ምሳሌ ሳይጨምር ነው። ስለዚህ 90,000 እና 30,000 ተደምረው 120,000 ብር ይሆናሉ። ቫቱ 18,000 ብር ነውና ድምሩ 138,000 ብር ይደርሳል። ቫት የገባበትን ዋጋ ወደ ኋላ ለመተንተን የሚፈልግ ሰው ከጠቅላላው ላይ 15 በመቶ ቢቀንስ ይሳሳታል፤ ትክክለኛው መንገድ ጠቅላላውን ለ1.15 ማካፈል ነው። መያዣው የአገልግሎት ዋጋ ስላልሆነ ቫት አይሰላበትም።

ቤተሰቡ ቀብዱን ቀድሞ ስለከፈለ ከዝግጅቱ በፊት የሚቀርበት ኪራይ 108,000 ብር ነው። በዚያ ላይ የመያዣው 25,000 ሲጨመር 133,000 ብር ይከፍላል። ቀብዱን ጨምሮ እስከ ዝግጅቱ ቀን ከእጁ የወጣው 163,000 ብር ሆነ ማለት ነው። ከዚህ ውስጥ ኪራይ የሆነው 138,000ው ብቻ ነው። ቀሪው 25,000 በአከራዩ እጅ ቢሆንም ገና የቤተሰቡ ገንዘብ ነው።

ለየብቻቸው የሚቆጥሩ ሁለት ሰዓቶች

አዳራሹና ሳውንዱ ከአንድ አከራይ ቢወሰዱም ትርፍ ሰዓታቸው እኩል አይቆጠርም። የሳውንዱ ሰዓት የሚቆመው ሙዚቃው ሲጠፋ ነው። የአዳራሹ ሰዓት ግን የሚቆመው የመጨረሻው ዕቃ ወጥቶ ቁልፉ ሲመለስ ነው። በሁለቱ መካከል ስፒከር ከቆመበት ይወርዳል፣ ኬብል ይጠቀለላል፣ ሚክሰር ይታሸጋል፣ ዲኮሩ ይነሳል። ይህ ሁሉ በአዳራሹ ሰዓት ላይ የሚቆጠር ሥራ ነው።

በምሳሌያችን ሙዚቃው የጠፋው ከምሽቱ 12፡50 ላይ ነው። ዕቃው ተነስቶ አዳራሹ የተቆለፈው 1፡20 ላይ ነው። ሳውንዱ 50 ደቂቃ፣ አዳራሹ 1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ አለፉ። ውሉ «የተጀመረ ሰዓት እንደ ሙሉ ሰዓት ይቆጠራል» ስለሚል ሳውንዱ አንድ ሰዓት፣ አዳራሹ ሁለት ሰዓት ተቆጠረባቸው። አዳራሹ 24,000፣ ሳውንዱ 4,000፣ በድምሩ 28,000 ብር መጣ። ከነቫቱ 32,200 ብር ነው።

የአዳራሹን ሁለተኛ ሰዓት ያመጣችው ከ1፡00 እስከ 1፡20 ያለችው 20 ደቂቃ ናት። ከነቫቷ 13,800 ብር አስከፍላለች። ሙዚቃው 12፡30 ላይ ጠፍቶ ቢሆን ኖሮ በዚያው ግማሽ ሰዓት ዕቃው ተነስቶ 1፡00 ላይ በሩ ይዘጋ ነበር። ስለዚህ የማብቂያው ሰዓት ሲታሰብ ከሙዚቃው መጥፊያ ሳይሆን በሩ ከሚቆለፍበት ሰዓት ተነስቶ ወደ ኋላ መቁጠር ይሻላል።

አቆጣጠሩም ቢሆን ለድርድር ክፍት ነው። ውሉ ትርፍ ሰዓትን በግማሽ ሰዓት የሚቆጥር ቢሆን አዳራሹ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ማለትም 18,000 ብር፣ ሳውንዱም ያንኑ 4,000 ብር ያስከፍሉ ነበር። ድምሩ ከነቫቱ 25,300 ብር ነው። የሰዓቱ ዋጋ ሳይነካ ሒሳቡ በ6,900 ብር ይቀንሳል። ብዙ ተከራይ በዋናው ኪራይ ላይ አጥብቆ ሲከራከር ይህችን መስመር አልፏት ይሄዳል።

መነሻውም መጻፍ አለበት። ሳውንድ ለመትከልና ለመሞከር ሁለትና ሦስት ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። ያ ጊዜ ከስድስቱ ሰዓት ውስጥ ከሆነ ቤተሰቡ እንግዳ የሚቀበልበት ጊዜ በዚያው ልክ ያጥራል። ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ ሆኖ በስልክ ለሚከራይ ሰው ደግሞ «እስከ 6 ሰዓት» የሚል ውል አደገኛ ነው፤ እሱ በለመደው አቆጣጠር ምሽት ሲሆን እዚህ እኩለ ቀን ወይም እኩለ ሌሊት ነው። «ከቀኑ» ወይም «ከምሽቱ» የሚል ቃል ሁልጊዜ ይጨመርበት።

መያዣው ቀብድ አይደለም

ቀብድና መያዣ ሁለቱም አስቀድመው ስለሚሰጡ በአንድ ደረሰኝ ተቀላቅለው ይጻፋሉ። በሕግ ግን ይለያያሉ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቀብድ መስጠት ለውሉ መደረግ ማስረጃ እንደሆነ ይደነግጋል። በቁጥር 1885 መሠረት ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር ቀብድ የሰጠው ወገን ቀብዱን ለቆ ውሉን ማፍረስ ይችላል፤ የተቀበለውም ማፍረስ የሚችለው እጥፉን መልሶ ነው። በምሳሌያችን ቤተሰቡ ቢቀር 30,000 ብሩን ያጣል። አከራዩ አዳራሹን ለሌላ ሰጥቶ ቢያፈርስ 60,000 ብር ይመልሳል።

መያዣው ግን የሚቀመጠው ለጉዳት ዋስትና ነው። ዝግጅቱ ካልተካሄደ የሚጎዳ ዕቃ ስለሌለ ሙሉውን ሊመለስ ይገባል። ደረሰኙ ላይ 55,000 ብር «ቀብድ» ተብሎ ከተጻፈ ግን ቤተሰቡ በቀረ ጊዜ መያዣዬን መልሱ ብሎ ለማስረዳት ይቸገራል። ለሁለቱ ሁለት ደረሰኝ መያዝ፣ በባንክ ሲላክም ለየብቻ ልኮ ምክንያቱ ላይ «መያዣ» ብሎ መጻፍ ይህን ችግር ያስቀራል።

ሌላው መጣራት ያለበት መያዣው የሚቀነሰው ለምን ለምን እንደሆነ ነው። ለጉዳት ብቻ ነው ወይስ ያልተከፈለ ትርፍ ሰዓትም ይቀነስበታል? በምሳሌያችን ውሉ ለሁለቱም ይፈቅዳል። በዚያ ምሽት ሁለት ወንበር ተሰብሮ ለእያንዳንዱ 1,500፣ በድምሩ 3,000 ብር ተተመነ። ከ25,000 ብር መያዣ ላይ የትርፍ ሰዓቱ 32,200 እና የወንበሩ 3,000 ሲቀነሱ መያዣው አልቆ ቤተሰቡ 10,200 ብር ይጨምራል። ትርፍ ሰዓቱ በግማሽ ሰዓት ቢቆጠር ኖሮ የሚጨምረው 3,300 ብር ብቻ ነበር።

በስተመጨረሻ ቤተሰቡን ያስወጣው ጠቅላላ ገንዘብ ይኸው ነው፦ ኪራይ ከነቫቱ 138,000፣ ትርፍ ሰዓት ከነቫቱ 32,200፣ ጉዳት 3,000፣ ድምር 173,200 ብር። ስሌቱን ለማረጋገጥ አስቀድሞ በወጣው 163,000 ላይ በመጨረሻ የተጨመረውን 10,200 መደመር ነው። ሁለቱ መንገዶች አንድ ቁጥር ካልሰጡ አንድ ክፍያ ሁለት ጊዜ ተቆጥሯል ወይም ተዘሏል።

ርክክቡ

ከመያዣ ላይ የሚቀነሰው ጉዳት በተከራዩ ጊዜ የደረሰ መሆኑ መታወቅ አለበት። ወንበርና ጠረጴዛ ተቆጥሮ ይያዛል። ሳውንዱ ግን በዓይን ታይቶ አይታወቅም። ሲረከቡ ስፒከሮቹን አንድ በአንድ፣ ሌሎቹ ጠፍተው፣ በሚታወቅ ዘፈን ማዳመጥ ያስፈልጋል። ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ክፍል ከተቃጠለ ዘፈኑ ታፍኖ ይሰማል፣ ጸናጽልና ጭብጨባው ይጠፋል። ወፍራሙን የሚያወጣው ከተጎዳ ቤዝ ሲመታ ይንኮሻኮሻል። ማይኮቹም እንዲሁ አንድ በአንድ ይነገርባቸዋል። ይህን በስልክ ቪዲዮ መቅረጽ ጥቂት ደቂቃ ብቻ የሚወስድ ማስረጃ ነው።

በዝግጅቱ መሀልም ሊታይ የሚገባው የሚክሰሩ ቀይ መብራት ነው። ድምፁ ከልክ ሲያልፍ ይበራል። አልፎ አልፎ ብልጭ ማለቱ አያሳስብም፤ በርቶ ከቀረ ግን ስፒከሩ ለመቃጠል ተቃርቧል። እንግዳው «ጨምር!» ሲል የሚጨምረው ባለሙያው ነው። ባለሙያው የአከራዩ ሠራተኛ ከሆነ የስፒከሩ መቃጠል በተከራዩ መያዣ ላይ እንዳይወድቅ ውሉ ላይ መስፈር አለበት።

መብራት ሲጠፋም ጥያቄ ይነሳል። ጀነሬተር አለ ወይ፣ ነዳጁስ በማን ነው? ተከራዩ መጠቀም ያልቻለበት ጊዜ በትርፍ ሰዓት ላይ ይካካሳል ወይስ አይካካስም? መልሱ በውሉ ካልተጻፈ ጨለማው ያለፈበት ሰዓትም እንደ ተከራየ ሊቆጠር ይችላል።

ትርፍ ሰዓትን የሚፈቅደው ማን እንደሆነም በስም መጻፍ አለበት። ሙሽሮቹ በጭፈራ ላይ ሆነው፣ አንድ አጎት «ቀጥሉ!» ስላለ ዲጄው ቢቀጥል ከፋዩ ቤተሰቡ ነው። አንድ ሚዜ ወይም የቅርብ ዘመድ ተወክሎ ሰዓት ሲሞላ ፈቃዱን በፊርማ ቢሰጥ፣ ማታ ላይ በሩ የተቆለፈበት ሰዓትም በዚያችው ወረቀት ሰፍሮ አከራዩ ቢፈርምበት ከመያዣው የተቀነሰው ሁሉ በአንድ ገጽ ላይ ይገኛል። ውል ከመፈረም በፊትም ለአከራዩ ሊቀርብ የሚገባው ጥያቄ «አንድ ሰዓት ከሃያ ብናሳልፍ ከመያዣችን ስንት ትመልሱልናላችሁ?» የሚል ነው። አከራዩ ይህን ሒሳብ በወረቀት ሠርቶ ካሳየ የትርፍ ሰዓቱ አቆጣጠር፣ ቫቱና የመያዣው አቀናነስ በአንዴ ግልጽ ይሆናሉ።