የኪራይ ጭማሪ ደብዳቤና መልሱ

በጀርመን አከራይ ኪራይ ለመጨመር ሲፈልግ ለተከራዩ የሚልከው ደብዳቤ አብዛኛውን ጊዜ ትእዛዝ ሳይሆን የስምምነት ጥያቄ ነው። ጀርመንኛ የማይችል ተከራይ ደብዳቤውን በስልኩ ፎቶ አንስቶ ሲያስተረጉም ግን ዓይኑ የሚያርፈው አዲሱ ዋጋ ላይ ነው፤ «ዙሽቲሙንግ» የተባለው ቃል፣ ማለትም ስምምነት፣ ሳይስተዋል ያልፋል። መልሱ ግን የሚቆመው በዚህ ቃል ላይ ነው።

ፍራንክፈርት ለምትኖር አንዲት ኢትዮጵያዊት ማርች 10 እንዲህ ያለ ደብዳቤ ደረሳት እንበል። ለሦስት ዓመት 600 ዩሮ ስትከፍል ቆይታለች፤ አሁን 720 ተጠየቀች። ፎቶው ላይ የተጻፈው 720,00 ነው። በጀርመን ሳንቲም የሚለየው በነጠላ ሰረዝ ስለሆነ ምልክቷ ከደበዘዘች ቁጥሩ 72 ሺህ ሆኖ ሊነበብ ይችላል። «ካልትሚተ» ደግሞ በቀጥታ ሲፈታ «ቀዝቃዛ ኪራይ» ይሆናል፤ ማሞቂያና ሌሎች ወጪዎች ያልተጨመሩበት የቤቱ ኪራይ ማለት ነው። ስለዚህ ገጹ ሁሉ በጥሩ ብርሃን ይነሳል፤ ቁጥርና ቀን ከትርጉሙ ሳይሆን ከወረቀቱ ይወሰዳል።

ሕጉ በሦስት ዓመት ውስጥ ከ20 በመቶ በላይ መጨመርን ይከለክላል። የቤት እጥረት አለባቸው ተብለው በተለዩ ከተሞች፣ ፍራንክፈርትን ጨምሮ፣ ጣሪያው 15 በመቶ ነው። ከ600 ላይ ይህ 90 ዩሮ ስለሆነ 720 ከልክ አልፏል። አከራዩ ምክንያቱንም ማቅረብ አለበት፤ የተለመደው «ሚትሽፒግል» የተባለው የከተማው የኪራይ ማነጻጸሪያ ሠንጠረዥ ነው።

መልሱ አጭር ቢሆን ይመረጣል፦

«ደብዳቤዎ ማርች 10 ደርሶኛል። ካልትሚተውን ከ600 ወደ 720 ዩሮ ለማሳደግ ስምምነቴን ጠይቀዋል። ኪራዩ ለሦስት ዓመት 600 ዩሮ ስለነበር ከ690 በላይ በሆነው አልስማማም። ስለ ቀሪው ከመወሰኔ በፊት ቤቱ በሚትሽፒግል የትኛው ምድብ ውስጥ እንደገባ እንዲገልጹልኝ እጠይቃለሁ። መልሴን እስከ ሜይ 31 እሰጣለሁ።»

አጫጭር ዓረፍተ ነገር ወደ ጀርመንኛ ሲዞር እምብዛም አይዛባም። የተተረጎመው መልሶ ወደ አማርኛ ሲገለበጥ «አልስማማም» የሚለው ቦታውን ከያዘ ዋናው ነገር ተርፏል። «ሚተርፌራይን» በተባሉት የተከራዮች ማኅበራት አባል የሆነ ሰው ከመላኩ በፊት ለአማካሪ ቢያሳየው ይሻላል። በአደራ ደብዳቤ ተልኮ ደረሰኙ ከቅጂው ጋር ይቀመጣል።

ማርች ላይ ለደረሰ ደብዳቤ የማሰቢያው ጊዜ እስከ ሜይ መጨረሻ ነው። እስከዚያ የሚከፈለው የቀድሞው 600 ነው። አዲሱን ዋጋ ደጋግሞ መክፈል በራሱ እንደ ስምምነት ይቆጠራል፤ የጀርመን ከፍተኛው ፍርድ ቤት በ2018 ሦስት ጊዜ በዝምታ የከፈለን ተከራይ እንደተስማማ ቆጥሮታል። ተከራይዋ ካልተስማማች አከራዩ እስከ ኦገስት መጨረሻ ክስ ማቅረብ ይችላል።