ከፎቶው በታች ያሉት ሦስት መስመሮች

በአዲስ አበባ ታክሲ መያዣዎች፣ በካፌ መስታወቶችና በቴሌግራም ቻናሎች የሚታየው የእርዳታ ፖስተር መልኩ ብዙም አይለያይም። ከላይ «ወገን ለወገን» የሚል ትልቅ ርዕስ አለ፣ መሐሉን ፎቶ ይዞታል፣ ከታች ደግሞ በደቃቅ ፊደል ሁለት ሦስት መስመር ተጽፏል። አዘጋጆቹ በፎቶው ምርጫ ሲከራከሩ ያመሻሉ። የታችኞቹ መስመሮች ግን አብዛኛውን ጊዜ ማተሚያ ቤት ደጃፍ ላይ በጥድፊያ የሚሞሉ ናቸው። ፎቶው አላፊ አግዳሚውን ያስቆመው ይሆናል፤ የቆመው ሰው ስንት እንደሚፈለግ፣ እስከ መቼ እንደሆነና በየት በኩል እንደሚሰጥ የሚያውቀው ግን ከነዚያ መስመሮች ብቻ ነው።

ገንዘብንና ቀነ ገደብን አጣምሮ ለሕዝብ ማሳየት አዲስ ዘዴ አይደለም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በአሜሪካ የወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበር ሲሠሩ የነበሩት ቻርልስ ዋርድና ላይማን ፒርስ በ1905 እ.ኤ.አ. በዋሽንግተን ለሕንፃ ማሠሪያ ገንዘብ ሲያሰባስቡ «የዘመቻ ሰዓት» የሚባለውን ዘዴ ይጠቀሙ ነበር። ሰዓቱ የሚያሳየው የተሰበሰበውን ገንዘብ ነው። ከዚያ በፊት የእርዳታ ልመና ወራትንና ዓመታትን እያስቆጠረ የሚንፏቀቅ ሥራ ነበር፤ እነሱ በጥቂት ቀናት የሚያልቅ ሩጫ አደረጉት። በኅዳር 1918 እ.ኤ.አ. ሰባት የአሜሪካ ድርጅቶች ለወታደሮች ደኅንነት በጋራ ባካሄዱት ዘመቻ ግቡ 170.5 ሚሊዮን ዶላር ነበር፣ ጊዜው ደግሞ ከኅዳር 11 እስከ 18። የሚገርመው ጦርነቱ ያበቃው ዘመቻው በተጀመረበት ዕለት መሆኑ ነው። ሆኖም ገንዘቡ የተጠየቀው ለመሣሪያ ሳይሆን ወታደሮቹ ወደ ቤታቸው እስኪመለሱ ለሚያስፈልጋቸው ነገር ስለነበር ሰጪው አልሸሸም፤ የተሰበሰበውም ከ200 ሚሊዮን ዶላር አለፈ።

ወደ እኛው ሰፈር እንመለስና አንድ ፖስተር ከባዶ እንጻፍ። በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት ተማሪዎች ድንጋይና ግንድ ላይ ተቀምጠው ይማራሉ እንበል። የቀድሞ ተማሪዎች ተሰባስበው 120 ኮምባይንድ ዴስክ ለማሠራት ወስነዋል። ከእንጨትና ብረታ ብረት ቤት ያመጡት ፕሮፎርማ አንዱን በ4,500 ብር ተምኖታል፤ ሁሉም ሲደመር 540,000 ብር ይሆናል። ጭነትና ማውረጃ 36,000 ብር ይጨመራል። ጠቅላላው 576,000 ብር ነው፤ ለአንድ ዴስክ ሲካፈል ከነማጓጓዣው 4,800 ብር ይደርሳል። (ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል የተቀመጡ ናቸው።) ማጓጓዣውን ከሒሳቡ የሚረሳ ኮሚቴ ዴስኩን አሠርቶ መኪና መከራያ ያጣል፤ ከዚያ ሁለተኛ ፖስተር ሊለጥፍ ይወጣል። ለሁለተኛው ፖስተር ደግሞ የሚሰጥ ሰው ይቀንሳል።

አሁን ፖስተሩ ላይ የሚጻፈው 576,000 ነው? አይደለም። ኮሚቴው መጀመሪያ በአባላቱ መሐል መዋጮ አድርጎ 336,000 ብር፣ ማለትም የ70 ዴስክ ዋጋ ይዟል። አላፊ አግዳሚውን የሚመለከተው የቀረው 50 ዴስክ ነው፣ 240,000 ብር። ብዙ አዘጋጆች በእጃቸው ያለውን ገንዘብ መጥቀስ ይፈራሉ፤ «ገንዘብ ካላቸው ለምን ይለምናሉ» የሚባሉ ይመስላቸዋል። ተሞክሮ የሚያሳየው ግን ተቃራኒውን ነው። ጆን ሊስትና ዴቪድ ለኪንግ ራይሊ የተባሉ የምጣኔ ሀብት ምሁራን ለሴንትራል ፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር መግዣ ገንዘብ ለማሰባሰብ ለ3,000 ቤተሰቦች ደብዳቤ ላኩ። ለአንዳንዱ ከሚያስፈልገው ገንዘብ 10 በመቶው አስቀድሞ ተገኝቷል አሉት፣ ለሌላው 33 በመቶው፣ ለቀረው ደግሞ 67 በመቶው። በ2002 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጽሑፍ እንደገለጹት 67 በመቶው ተሟልቷል ከተባሉት የተገኘው ገንዘብ 10 በመቶ ብቻ ከተባሉት ስድስት እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ሰው የእሱ ብር ሥራውን ዳር የሚያደርስ ሲመስለው ይሰጣል። ባዶ ጉድጓድ ውስጥ የሚጥለው ሲመስለው ደግሞ እጁን ይሰበስባል። ስለዚህ «70ው ተሸፍኗል፣ 50 ቀርቷል» የሚለው አገላለጽ ከ«576,000 ብር ያስፈልገናል» የበለጠ ይጠራል። ነገሩ የሚሠራው ግን 70ው እውነት ከሆነ ብቻ ነው። ቃል የተገባን ገንዘብ እንደገባ አድርጎ መጻፍ መጨረሻ ላይ ጉድለቱን ኮሚቴው ጫንቃ ላይ ይጥለዋል።

ቀኑን ለማግኘት ደግሞ ከኋላ ወደፊት መቁጠር ያስፈልጋል። ትምህርት የሚጀምረው መስከረም ላይ ነው፤ ዴስኮቹ ከዚያ በፊት በክፍሎቹ ውስጥ መደርደር አለባቸው። ለመጫንና ለማድረስ ጳጉሜንን እንተውለት፤ ክረምት ነው፣ መንገዱ ጭቃ ይሆናል። ሠሪው 50 ዴስክ ለመጨረስ 15 ቀን ይፈልጋል፣ ቅድመ ክፍያ ካልተቀበለ ደግሞ ብረት አይገዛም። እንግዲህ ገንዘቡ ባንክ መግባት ያለበት ነሐሴ 15 ነው። ይህ ቀን ምክንያት አለው፤ ምክንያቱም በግማሽ መስመር ይጻፋል፦ «ዴስኮቹ ለመስከረም እንዲደርሱ»። «በአስቸኳይ» የሚለው ቃል ግን ቀን አይደለም። ዛሬም አስቸኳይ፣ የዛሬ ስድስት ወርም አስቸኳይ ሆኖ ግድግዳ ላይ ይከርማል።

ቀኑ የሚጻፍበት መንገድም ሰው ያሳስታል፣ በተለይ ፖስተሩ በስልክ ባሕር ከተሻገረ። 15/12/2018 ብሎ የጻፈ ሰው ነሐሴ 15 ማለቱ ነው። ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ያለው ዘመዱ ግን ዲሴምበር 15 ቀን 2018 ብሎ ያነበዋል፤ ለእሱ ያ ቀን ካለፈ ዓመታት ስለሆኑት «ድሮ ያለቀ ነገር ነው» ብሎ ያልፈዋል። «እስከ 12 ሰዓት» የሚለውም እንዲሁ ነው፤ እዚህ የምሽት መግቢያ ሲሆን እዚያ እኩለ ቀን ወይም እኩለ ሌሊት ይሆናል። መፍትሔው ወሩን በስሙ መጻፍና ሁለቱን አቆጣጠር ጎን ለጎን ማድረግ ነው፦ «እስከ ዓርብ ነሐሴ 15 ቀን 2018 ዓ.ም. (ኦገስት 21 ቀን 2026 እ.ኤ.አ.)»። የሳምንቱ ቀን መጠቀሱ ለሌላም ይረዳል። አንዱ ቁጥር በስህተት ቢታተም ዓርብ የሚለው ስህተቱን ያጋልጠዋል።

ከሦስቱ መስመሮች ብዙ ገንዘብ የሚጠፋው በሦስተኛው ነው። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሒሳብ ቁጥር 13 አኃዝ አለው። ያለ ክፍተት ሲደረደር በታክሲ መስኮት አሻግሮ የሚያይ ሰው ቀርቶ ፊት ለፊቱ የቆመውም ይሳሳታል፤ መሐል ላይ ከተደረደሩት ዜሮዎች አንዱን ይዘላል። በአራትና በሦስት እየከፋፈሉ ማተም ወጪ የለውም። ከቁጥሩ እኩል የሚያስፈልገው ደግሞ የሒሳቡ ባለቤት ስም ነው። በባንኩ መተግበሪያም ሆነ በቴሌብር ሲላክ ከማረጋገጡ በፊት የተቀባዩ ስም በስክሪኑ ላይ ይወጣል፤ ቅርንጫፍ የሄደውንም ገንዘብ ተቀባይዋ «በማን ስም ነው?» ብላ ትጠይቀዋለች። ፖስተሩ «የትምህርት ቤቱ ኮሚቴ» ብሎ ስክሪኑ የማያውቁትን የአንድ ግለሰብ ስም ካወጣ ጠንቃቃው ሰጪ እዚያው ያቋርጣል። ማቋረጡም ተገቢ ነው። ስለዚህ ስሙ ባንክ ውስጥ በተመዘገበው መልክ ቃል በቃል መታተም አለበት።

ሒሳቡ የሁለት ወይም የሦስት ሰዎች ከሆነ እንዴት እንደሚንቀሳቀስ ማወቅ ይበጃል። «እና» ተብሎ የተከፈተው ያለ ሁሉም ፊርማ ብር አያወጣም፤ «ወይም» ተብሎ የተከፈተው ግን ከመካከላቸው አንዱ ብቻውን ሊያወጣው ይችላል። ለመዋጮ የሚመረጠው የመጀመሪያው ነው፤ ፖስተሩ ላይ «በሦስት ሰዎች ጣምራ ፊርማ የሚንቀሳቀስ» የሚል ሐረግ ቢታከል ከማንኛውም የተማጽኖ ቃል ይበልጣል። በግል የቴሌብር ቁጥር የሚሰበስቡም አሉ፤ ነገር ግን የግል ሒሳብ እንደ ደረጃው የሚይዘው ገንዘብ ጣሪያ ስላለው መዋጮው በሞቀበት ቀን ሊዘጋባቸው ይችላል።

አጭር ቁጥር ያገኘ ዕድለኛ ነው። ለህዳሴ ግድቡ 8100 ላይ A ብሎ መላክ የሚለው መልእክት ሰው ሳይጽፈው በቃሉ የያዘው አራት አኃዝና አንድ ፊደል ብቻ ስለሆነ ነው። ሰፈር ያለ ኮሚቴ እንዲህ ያለ ቁጥር ባያገኝም ከዚያ የሚወስደው ነገር አለ። ስድስት ባንክ ከመደርደር ሁለት መምረጥ ይሻላል፤ ሰጪውም አይደናገር፣ ሒሳቡም በስድስት ቦታ አይበተን።

ውጭ አገር ላለው ወገን ደግሞ ሌላ በር ያስፈልጋል። ጎፈንድሚ በኢትዮጵያ ባንክ ገንዘብ ስለማይከፍል አሜሪካ ወይም ሌላ ተፈቅዶለት በሚሠራበት አገር የሚኖር ሰው በስሙ ይከፍተዋል። በአሜሪካ ከእያንዳንዱ ስጦታ 2.9 በመቶና 30 ሳንቲም ይቆረጣል፤ ከ5 ዶላር ወደ 45 ሳንቲም መሆኑ ነው። በዚያ በኩል ግቡን የሚጽፍ ሰው ይህን ጨምሮ ማስላት አለበት፣ አለዚያ ገጹ «ሞላ» እያለ ዴስኩ ይጎድላል።

አጭበርባሪዎችም ይህንኑ መስመር ያውቁታል። ፖስተሩን ከቴሌግራም ያወርዱታል፣ ፎቶውንና ርዕሱን ሳይነኩ የሒሳብ ቁጥሩንና ስሙን ብቻ ቀይረው መልሰው ይለቁታል። ብዙ ጊዜ የሚያጋልጣቸው ቁጥሩ ያረፈበት ቦታ ነው፤ የፊደሉ ቅርጽ ከሌላው ይለያል ወይም ከጀርባው ያለው ቀለም ይዥጎረጎራል። ኮሚቴው ሊያደርግ የሚችለው ቁጥሩን በፎቶው ላይ አቋርጦ ማተም፣ የሚደወልበት የሁለት ሰው ስልክ ማስቀመጥና «ከዚህ ሌላ ሒሳብ የለንም» ብሎ መጻፍ ነው። ሰጪው በበኩሉ ከመላኩ በፊት ደውሎ የሒሳቡን የመጨረሻ አራት አኃዝ ቢጠይቅ አንድ ደቂቃ አይፈጅበትም።

ሁሉም ሲገጣጠም ከፎቶው በታች የሚነበበው ይህን ይመስላል፦ «120 ዴስክ ለተማሪዎቻችን። 70ው ተሸፍኗል፣ 50 ቀርቷል፤ አንዱ ከነማጓጓዣው 4,800 ብር። ዴስኮቹ ለመስከረም እንዲደርሱ እስከ ዓርብ ነሐሴ 15 ቀን 2018 ዓ.ም. (ኦገስት 21 ቀን 2026 እ.ኤ.አ.)። የሚተርፍ ገንዘብ ለመጻሕፍት መግዣ ይውላል።» ቀጥሎ የሒሳብ ቁጥሩ፣ ስሙና ስልኮቹ ይገባሉ። የትርፉን ነገር መጥቀስ ቅንጦት ሊመስል ይችላል፤ ከግቡ በላይ የተሰበሰበ ገንዘብ ግን ኮሚቴዎችን ከሚያጣሉ ነገሮች አንዱ ነው፣ ሰጪውም አስቀድሞ ካወቀው ኋላ ቅሬታ አይኖረውም።

ነሐሴ 15 ሲያልፍ ግድግዳው ላይ ያለው ወረቀት በዝናብ ይለቃል፤ በስልክ የተሠራጨው ግን አይጠፋም። ቀኑን ሳያይ ከወራት በኋላ የሚልክ ሰው አለ። ስለዚህ ያው ፎቶ «ሞልቷል፣ እናመሰግናለን» ከሚል አዲስ ጽሑፍ፣ ከገባው ጠቅላላ ብርና ከማስረከቢያ ሰነዱ ጋር ፖስተሩ በተለቀቀባቸው ቻናሎች ሁሉ እንደገና ይለቀቃል።