ባላንስ አድርጓል፤ ትርፉስ ተገናኝቷል?

የበጀት ዓመታቸውን ሰኔ 30 የሚዘጉ የደረጃ «ሀ» ግብር ከፋዮች ሂሳባቸውን አሳውቀው ግብራቸውን የሚከፍሉበት የመጨረሻ ቀን ጥቅምት 30 ነው። ቀኑ ሲቃረብ በየድርጅቱ ሂሳብ ክፍል አንድ ጥያቄ ይደጋገማል፤ «ባላንስ አደረገ ወይ?» መልሱ «አዎ» ከሆነ ሥራ አስኪያጁ ይፈርማል፣ ማኅተም ይመታል። ባላንስ ያደረገ ሂሳብ ሁሉ ግን ልክ ነው ማለት አይደለም።

የሀብትና ዕዳ መግለጫ ድርጅቱ በአንድ ቀን ያለውን ሀብት በአንድ ወገን፣ ሀብቱ የተገኘበትን ምንጭ በሌላው ወገን ያሳያል። ምንጩ ወይ ከሌላ ሰው የተወሰደ ዕዳ ነው፣ ወይ የባለቤቶቹ ድርሻ። ሁለቱ ወገኖች እኩል መምጣት አለባቸው። የትርፍና ኪሳራ መግለጫው ደግሞ የዓመቱን ገቢና ወጪ ይናገራል። ሁለቱን ሰነዶች የሚያገናኛቸው በባለቤቶች ድርሻ ሥር የሚገኘው «ያልተከፋፈለ ትርፍ» የሚባለው መስመር ነው።

አንድ የግንባታ ዕቃ አስመጪ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር አለ እንበል። ሰኔ 30 ላይ ጥሬ ገንዘብና ባንክ 310,000፣ ተሰብሳቢ ሂሳብ 540,000፣ በመጋዘን ያለ ዕቃ 1,150,000፣ ተሽከርካሪና ቋሚ ዕቃ ከእርጅና ቅናሽ በኋላ 900,000 ብር አለው። ድምሩ 2,900,000 ነው። በሌላው ወገን የአቅራቢዎች ዕዳ 410,000፣ የባንክ ብድር 450,000፣ የተከፈለ ካፒታል 1,000,000፣ ያልተከፋፈለ ትርፍ 1,040,000 ተጽፏል። ይህም ተደምሮ 2,900,000 ይመጣል። በአንድ ብር እንኳ አይለያይም።

አሁን የትርፍና ኪሳራ መግለጫውን እንግለጥ። ከግብር በፊት ትርፍ 600,000፤ 30 በመቶ የንግድ ትርፍ ግብር 180,000፤ የተጣራ ትርፍ 420,000 ብር ይላል። ዓምና የዞረው ያልተከፋፈለ ትርፍ 640,000 ነበር። በዓመቱ ውስጥ ባለቤቶቹ 200,000 ተከፋፍለዋል። ወደ መጠባበቂያ የተዛወረም ሆነ ሌላ እንቅስቃሴ ከሌለ ስሌቱ አጭር ነው፦ 640,000 ሲደመር 420,000፣ ሲቀነስ 200,000፤ እኩል ይሆናል 860,000። ሰነዱ ላይ ያለው ግን 1,040,000 ነው። ልዩነቱ 180,000 ብር።

ልዩነት ሲገኝ መጀመሪያ የሚደረገው ቁጥሩን ራሱን በሰነዶቹ ውስጥ መፈለግ ነው። እዚህ 180,000 ማለት ልክ የግብሩ መጠን ነው። ሂሳብ ሠራተኛው ግብሩን ኤክሴል ላይ አስልቶ የትርፍና ኪሳራ መግለጫው ላይ ጽፎታል፤ ሌጀሩ ውስጥ ግን አልመዘገበውም። ስለዚህ የሀብትና ዕዳ መግለጫው ግብር የሚባል ዕዳ መኖሩን አያውቅም። ማስተካከያው አንድ ምዝገባ ነው፦ የግብር ወጪ 180,000 ዴቢት፣ ተከፋይ ግብር 180,000 ክሬዲት። ያን ጊዜ ዕዳው ወደ 1,040,000 ያድጋል፣ ያልተከፋፈለው ትርፍ ወደ 860,000 ይወርዳል፤ ድምሩ 2,900,000 እንደሆነ ይቆያል። ሳይታረም ቢቀር ኖሮ ባለቤቶቹ የመንግሥት የሆነውን 180,000 ብር የራሳቸው ትርፍ መስሏቸው ሊከፋፈሉት ይችሉ ነበር።

ከዚህ የሚብስም አለ። አንዳንዴ ያልተከፋፈለው ትርፍ ከሌጀር አይመጣም፤ ከጠቅላላ ሀብት ላይ ዕዳና ካፒታል ተቀንሶ የተረፈው ይጻፋል። ኤክሴል ላይ ሴሉን ጠቅ ሲያደርጉት ይህን የመሰለ ፎርሙላ ይታያል፦

```
=B8-B14-B16
```

እንዲህ የተሠራ ሰነድ ምንም ዓይነት ስህተት ቢኖርበት ሁልጊዜ ባላንስ ያደርጋል፤ ጉድለቱ ሁሉ በዚያ አንድ ሴል ውስጥ ይደበቃል።

ሌላው የተለመደ ችግር የዓመቱ መነሻ ቁጥር ነው። ኦዲተሩ ዓምና ያዘዘው ማስተካከያ በኦዲት ሪፖርቱ ላይ ይወጣል፤ ድርጅቱ የሚጠቀምበት ፒችትሪ ውስጥ ግን ሳይገባ ይቀራል። ዘንድሮ ሶፍትዌሩ የሚነሳው ከአሮጌው ቁጥር ስለሚሆን የዓመቱ ትርፍ ልክ ሆኖ ሳለ መዝጊያው አይገናኝም። በዚህ ጊዜ የዘንድሮን ደረሰኝ ማገላበጥ ከንቱ ድካም ነው። ሶፍትዌሩ ላይ ያለውን የሐምሌ 1 መነሻ ከዓምናው ኦዲት ሪፖርት መዝጊያ ጋር ማስተያየት ይበቃል።

ሁለቱም ማረጋገጫዎች ቢያልፉም የማይያዝ ስህተት አለ። መጋዘን ውስጥ ያለው ዕቃ 100,000 ብር በልጦ ቢቆጠር ሀብቱም ከግብር በፊት ያለው ትርፍም እኩል ያብጣሉ፤ ሂሳቡ ባላንስ ያደርጋል፣ ትርፉም ይገናኛል። ይህን የሚያወጣው ዕቃውን በአካል ቆጥሮ ከመዝገቡ ጋር ማመሳከር ብቻ ነው። ስለዚህ ሥራ አስኪያጆች ከመፈረማቸው በፊት ሦስት ወረቀት ጎን ለጎን ያስቀርቡ፦ የዓምናውን ኦዲት ሪፖርት፣ የዘንድሮውን የትርፍና ኪሳራ መግለጫ፣ የዘንድሮውን የሀብትና ዕዳ መግለጫ። ከዚያ ያልተከፋፈለውን ትርፍ በራሳቸው ካልኩሌተር ይደምሩ።