ቲኤስኤች ሲያሳስት፦ ከፒቱታሪ ጉዳት የሚመጣ የታይሮይድ ሆርሞን እጥረት

ጉዳዩን በምሳሌ ላስረዳ። አንዲት የአቃቂ ቃሊቲ እናት በወሊድ ጊዜ ብዙ ደም ፈሰሳት እንበል። ጡቷ ወተት አልያዘም፤ የወር አበባዋም አልተመለሰም። ከዓመታት በኋላ ድካምና ብርድ ቢጸናባት ተመረመረች፤ ቲኤስኤች 2.1 ስለሆነ «ታይሮይድሽ ደኅና ነው» ተባለች። ነፃው ቲ-4 ሲለካ ግን ከመደበኛው በታች ሆኖ ተገኘ።

ይህ ሃሮልድ ሺሃን በ1937 እ.ኤ.አ. የገለጸው ሕመም ነው። በእርግዝና የገዘፈው የፒቱታሪ እጢ ደም ሲያጥረው ይጎዳል። ታይሮይድን የሚያዝዘውን ቲኤስኤች የሚያመነጨው ይኸው እጢ ነውና፣ ቲ-4 ቢያንስም ቲኤስኤች እንደሚጠበቀው ከፍ አይልም።

ሕክምናው ሌቮታይሮክሲን ነው። አስቀድሞ ግን ኮርቲሶል ይለካል፤ እርሱም ካነሰ ሃይድሮኮርቲሶን ይቀድማል። ያለዚያ ሌቮታይሮክሲኑ የቀረውን ጥቂት ኮርቲሶል ከሰውነት ፈጥኖ ያስወግድና ሕይወቷን ለአደጋ ያጋልጣል።

ክትትሉስ? ኪኒኑ ሲጀመር ቲኤስኤች ይበልጥ ይወርዳል፤ ይህን አይቶ መጠኑን የሚቀንስ ሐኪም በሽተኛዋን ወደ ድካሟ ይመልሳታል። እኔ የምመክረው ከ6 እስከ 8 ሳምንታት ቆይቶ፣ የዕለቱ ኪኒን ሳይዋጥ ደም ወስዶ ነፃ ቲ-4ን መለካት ነው። ግባችን ውጤቱን በመደበኛው ወሰን የላይኛው አጋማሽ ማቆየት ነው።