ከግሩፕ በዝምታ ሲወጡ ማን ያያል?

የሰርግ ኮሚቴ የዋትስአፕ ግሩፕ ሰርጉ ካለፈ ከዓመት በኋላም ስልካችን ላይ ይቆያል። የማንወጣው ይሉኝታ ይዞን ነው። ቀድሞ አንድ አባል ሲወጣ መውጣቱን የምትገልጽ መስመር ከነስሙ በግሩፑ መሃል ብቅ ትል ነበር፤ ወዲያው «እከሌ ምን ሆኖ ነው?» የሚል ይከተላል። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. መጀመሪያ የሜታ ኃላፊ ማርክ ዘከርበርግ ይህ እንደሚቀር አስታወቁ። ከዚያ ወዲህ መውጣትዎ የሚነገረው ለአድሚኖቹ ብቻ ነው።

አወጣጡ ቀላል ነው። ግሩፑን ከፍተው ስሙን ይነካሉ፤ ወደ ታች ወርደው «Exit group» የሚለውን ይመርጣሉ። ይሁን እንጂ ዝምታው ፍጹም አይደለም። ከአድሚኖቹ ሌላ፣ ማንኛውም አባል የግሩፑን መረጃ ከፍቶ ከአባላቱ ስም ዝርዝር ግርጌ ቢፈልግ፣ ባለፉት 60 ቀናት የወጡትንም የተባረሩትንም ያገኛል። የአባላቱም ቁጥር በአንድ ይቀንሳል። ከዚህ በፊት የጻፉት መልእክት ደግሞ ከነስልክ ቁጥርዎ በሌሎች ስልክ ላይ ይቀራል። በአጭሩ፣ ማንም አይነገረውም፤ የፈለገ ግን ያውቃል። መውጣትዎ ጨርሶ እንዳይታወቅ ከፈለጉ ባይወጡ ይሻላል፦ ድምፁን ለዘለቄታው አጥፍተው ግሩፑን ወደ ማኅደር ቢያስገቡት ማንም አያይም፤ አድሚኑም ቢሆን።

ተራ አባል ሲወጣ ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃል። የወጣው ብቸኛው አድሚን ሲሆን ግን ሌላ ጣጣ ይመጣል። ብዙዎች «አድሚኑ ከወጣ ግሩፑ ይዘጋል» ይላሉ፤ አይዘጋም። ዋትስአፕ ከቀሩት አባላት አንዱን በዕጣ መርጦ አድሚን ያደርገዋል። በዕድሜ ማን እንደሚበልጥ፣ ማን ንቁ እንደሆነ፣ ማን እንደሚታመን አይመለከትም።

የአንድ ሰፈር እድር ግሩፕ አለው እንበል። ግሩፑ ለለቅሶ ጥሪና ለስብሰባ ማስታወቂያ ብቻ እንዲውል ስለተፈለገ፣ አድሚን ካልሆነ በቀር ማንም እንዳይጽፍ ተደርጎ ተዘጋጅቷል። አድሚኑ ጸሐፊው ብቻ ናቸው። ጸሐፊው ሥራቸውን ሲለቁ ማንንም ላለማስከፋት ሌሊት በዝምታ ወጡ። ሌላ አድሚን ስለሌለ መውጣታቸው የሚነገረው ሰው የለም። ዕጣው የወጣው ዱባይ ለሚሠራ፣ የግሩፑን ድምፅ ካጠፋ ለሰነበተ የአንድ አባል ልጅ ነው። በማግስቱ ሰፈሩ ውስጥ ሰው ሲያርፍ የእድሩ ሰብሳቢ ለመጻፍ ስልካቸውን ቢከፍቱ መጻፊያው ቦታ ላይ «Only admins can send messages» የሚል ብቻ አገኙ። ጸሐፊው በግሩፑ ሊንክ ተመልሰው ቢገቡም አይፈይዱም፤ የሚገቡት እንደ ተራ አባል ነውና።

መፍትሔው የአባላቱን ዝርዝር ከፍቶ ከስሙ አጠገብ «Admin» የሚል ምልክት ያለበትን ሰው መፈለግ ነው። ልጁ ከተገኘና ስልክ ካነሳ ሰብሳቢውን አድሚን ያደርጋቸዋል፤ በአንድ ደቂቃ ያልቃል። ካልተገኘ ግን ተራ አባላት ሥልጣኑን የሚነጥቁበት መንገድ የለም፤ የሚቀራቸው አዲስ ግሩፕ ከፍቶ ሰዉን እንደገና ማሰባሰብ ነው። ዕጣው ክፉ ለሚያስብ ሰው ደርሶ ቢሆን ኖሮ ደግሞ ይብሳል። አዲሱ አድሚን አባላትን ማስወጣት፣ ሌሎች የጻፉትን ከሁሉም ስልክ ማጥፋት፣ በእድሩ ስም የባንክ ሒሳብ ቁጥር መለጠፍም ይችላል።

ስለዚህ ብቸኛ አድሚን ሲወጣ ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ የሚተካውን ሰው ጠይቆ ማስፈቀድ፤ ከዚያ ከአባላቱ ዝርዝር ስሙን ነክቶ «Make group admin» የሚለውን መምረጥ፤ ምልክቱ ከስሙ አጠገብ መታየቱን ማረጋገጥ፤ መውጣት የመጨረሻው ነው። ግሩፑ ሥራውን ጨርሶ ከሆነና እንዲዘጋ ከተፈለገም መንገዱ ሌላ ነው፦ አድሚኑ አባላቱን አንድ በአንድ አስወጥቶ በመጨረሻ እሱ ይወጣል። ዝም ብሎ ቢወጣ ግሩፑን ለማያውቀው ሰው አስረክቦ ሄደ ማለት ነው።

እድር፣ ማኅበር ወይም የወላጆች ኮሚቴ ግን አድሚኑ መውጣት እስኪያስብ ባይጠብቅ ይበጀዋል። ስልኩ የጠፋበት ወይም ድንገት የታመመ አድሚን ከግሩፑ አልወጣም፤ አድሚንነቱም በስሙ እንዳለ ስለሚቆይ ዕጣም አይወጣም። ሰብሳቢው፣ ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ ሦስቱም አድሚን ከሆኑ አንዱ ቢወጣ ሁለቱ ይነገራቸዋል፤ ግሩፑም በዕጣ ለወጣ ሰው አይተላለፍም።