በአካል እንቅስቃሴ ወቅት የልብ ምት፣ የምት እርጭትና የደቂቃ እርጭት

የደቂቃ እርጭት (ካርዲያክ አውትፑት) ማለት የግራው የታችኛው የልብ ክፍል በአንድ ደቂቃ ውስጥ ወደ ሰውነት የሚረጨው የደም መጠን ነው። መጠኑን ሁለት ነገሮች ይወስኑታል። አንደኛው ልብ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚመታ የሚያሳየው የልብ ምት ነው። ሁለተኛው በእያንዳንዱ ምት የሚወጣው ደም ሲሆን የምት እርጭት (ስትሮክ ቮልዩም) ይባላል።

የደቂቃ እርጭት = የልብ ምት × የምት እርጭት

ሰው መንቀሳቀስ ሲጀምር ጡንቻዎቹ ብዙ ኦክስጅን ስለሚፈልጉ የደቂቃ እርጭት ይጨምራል። ሆኖም ሁለቱ አባዢዎች እኩል አያድጉም። የምት እርጭት ቀድሞ ጣሪያው ላይ ሲደርስ፣ የልብ ምት ግን ሰውየው አቅሙ እስኪያልቅ ድረስ መጨመሩን ይቀጥላል።

## ምሳሌ

የሚከተሉት ቁጥሮች የስፖርት ልምድ ለሌለው ጤነኛ የ22 ዓመት ወጣት የተለመዱ ግምታዊ መጠኖች ናቸው።

| ሁኔታ | የልብ ምት በደቂቃ | የምት እርጭት በሚሊ ሊትር | የደቂቃ እርጭት በሊትር |
|---|---|---|---|
| ዕረፍት | 70 | 70 | 4.9 |
| ፈጣን እርምጃ | 100 | 95 | 9.5 |
| ሶምሶማ | 120 | 110 | 13.2 |
| ጠንካራ ሩጫ | 160 | 110 | 17.6 |
| የአቅም ጫፍ | 195 | 110 | 21.5 |

ከዕረፍት እስከ ሶምሶማ ባለው ክፍል ሁለቱም ቁጥሮች ያድጋሉ። ከሶምሶማ እስከ አቅም ጫፍ ግን የምት እርጭት ባለበት ቆሞ ጭማሪው በሙሉ ከልብ ምት ይመጣል። ቀጥ ብሎ በሚሮጥ ሰው ላይ ይህ ጣሪያ ብዙውን ጊዜ የሚታየው ሰውነት ሊጠቀምበት ከሚችለው ከፍተኛ የኦክስጅን መጠን ከ40 እስከ 50 በመቶ የሚሆነውን ሲጠቀም ነው።

## የልብ ምት የሚጨምርበት ምክንያት

በዕረፍት ጊዜ ቬገስ የተባለው ነርቭ ልብን ያዘገየዋል። እንቅስቃሴ ሲጀመር አንጎል በመጀመሪያ ይህን ልጓም ያላላል፤ በመሆኑም በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ምቱ ወደ 100 አካባቢ ይወጣል። ከዚያ በላይ ያለው ጭማሪ በዋናነት የሲምፓተቲክ ነርቮችና የአድሬናሊን ሥራ ነው። ሯጭ መነሻው መስመር ላይ ቆሞ ገና ሳይሮጥ ልቡ የሚመታው አንጎል ትእዛዙን አስቀድሞ ስለሚያስተላልፍ ነው።

## የምት እርጭት የሚጨምርበት ምክንያት

ልብ በአንድ ምት ውስጡ ያለውን ደም በሙሉ አያወጣም። በምሳሌው ወጣት ላይ የግራው የታችኛው ክፍል በዕረፍት ጊዜ ሲሞላ 120 ሚሊ ሊትር ይይዛል እንበል። ተኮማትሮ ሲጨርስ 50 ሚሊ ሊትር ከቀረ የወጣው 70 ነው። በሶምሶማ ጊዜ ሙላቱ ወደ 135 ሲያድግና ቀሪው ወደ 25 ሲወርድ የምት እርጭቱ 110 ይሆናል።

ሙላቱ የሚያድገው ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ስለሚጨምር ነው። የእግር ጡንቻዎች በተኮማተሩ ቁጥር ደም መልስ ሥሮችን ጨምቀው ደሙን ወደ ላይ ይገፉታል፤ ጥልቅ ትንፋሽም ወደ ደረት ይስበዋል። የበለጠ የተሞላ የልብ ጡንቻ የበለጠ ስለሚለጠጥ በበለጠ ኃይል ይኮማተራል። ይህ በኦቶ ፍራንክና በኧርነስት ስታርሊንግ ስም የፍራንክ-ስታርሊንግ ሕግ ይባላል። ቀሪው ደም የሚቀንሰው ደግሞ የሲምፓተቲክ ነርቮች የልብ ጡንቻውን የመኮማተር ኃይል ስለሚጨምሩ ነው።

በጀርባ የተኛ ወይም የሚዋኝ ሰው ደሙ በእግሩ ስለማይጠራቀም የምት እርጭቱ በዕረፍትም ከፍ ያለ ነው። ስለዚህ እንቅስቃሴ ሲጀምር የሚያሳየው ጭማሪ ከሯጭ ያነሰ ነው።

## ጣሪያው ከየት ይመጣል?

ልብ የሚሞላው በሁለት ምቶች መካከል በሚያርፍበት ጊዜ ነው። በደቂቃ 70 ጊዜ ሲመታ አንድ ዙር 0.86 ሰከንድ ያህል ይወስዳል፤ 195 ጊዜ ሲመታ ግን 0.31 ሰከንድ ብቻ ይቀረዋል። ከዚህ ማጠር ትልቁን ድርሻ የሚይዘው የመሙያው ጊዜ ነው። የሚመለሰው ደም ፈጣንና ብዙ ቢሆንም ጊዜው ስለሚያጥር ሙላቱ ከዚያ በላይ አያድግም።

በሥልጠና የሚለወጠው ይኸው ጣሪያ ነው። ለዓመታት በጽናት ሩጫ የሠለጠነ ሰው የልቡ ክፍል ይሰፋል፣ ጠቅላላ የደም መጠኑም ይጨምራል። በዕረፍት 50 ጊዜ እየመታ በእያንዳንዱ ምት 100 ሚሊ ሊትር ቢረጭ የደቂቃ እርጭቱ 5 ሊትር ነው፤ ይህም ካልሠለጠነው ወጣት ጋር ተቀራራቢ ነው። በአቅም ጫፍ ግን 190 ምት በ160 ሚሊ ሊትር ሲባዛ 30.4 ሊትር ይሆናል። የሁለቱ ሰዎች ከፍተኛ የልብ ምት ተቀራራቢ ስለሆነ የ9 ሊትሩን ልዩነት የፈጠረው የምት እርጭት ነው። በአንዳንድ ከፍተኛ አትሌቶች ላይ የምት እርጭት እስከ አቅም ጫፍ ድረስ ማደጉን ሊቀጥል ይችላል።

## ረጅም ሩጫና ሙቀት

አንድ ሰው በሙቀት ውስጥ ፍጥነቱን ሳይለውጥ ለረጅም ጊዜ ቢሮጥ የልብ ምቱ ቀስ በቀስ ይጨምራል። ላብ የደሙን ፈሳሽ ይቀንሳል፤ ለማቀዝቀዝ ሲባልም ብዙ ደም ወደ ቆዳ ይሄዳል። በዚህም ምክንያት የምት እርጭት ይወርዳል። መጀመሪያ 150 × 110 = 16.5 ሊትር የነበረው ሰው የምት እርጭቱ ወደ 100 ቢወርድ ያንኑ 16.5 ሊትር ለማግኘት ልቡ 165 ጊዜ መምታት አለበት። ስለዚህ የምት መጨመር ብቻውን የደቂቃ እርጭት ጨምሯል ማለት አይደለም። በቂ ውኃ መጠጣት ይህን ለውጥ ይቀንሰዋል።

## በመለኪያ ላይ የሚታዩ ስሕተቶች

የልብ ምት በእጅ አንጓ ላይ ለ15 ሰከንድ ተቆጥሮ በ4 ሊባዛ ይችላል። ሰውየው ሲቆም ምቱ በፍጥነት ስለሚወርድ፣ ቆጠራው ወዲያው ካልተጀመረ ውጤቱ ከትክክለኛው ያንሳል። የምት እርጭት ግን በጣት አይታወቅም፤ እንደ ልብ አልትራሳውንድ ያለ መሣሪያ ይፈልጋል።

ከፍተኛ የልብ ምትን ለመገመት ከ220 ላይ ዕድሜን መቀነስ የተለመደ ነው። በዚህ ስሌት የ22 ዓመቱ ወጣት 198 ያገኛል፤ ነገር ግን በአንድ ግለሰብ ላይ ግምቱ በ10 ምት ወይም ከዚያ በላይ ሊሳሳት ይችላል። ቤታ ብሎከር የተባሉ መድኃኒቶችን የሚወስድ ሰው የልብ ምቱ ስለሚገታ፣ ምን ያህል እየደከመ እንደሆነ በምቱ ብቻ መገመት አይቻልም።

## የክለሳ ጥያቄ

*አንዲት ተማሪ በዕረፍት የልብ ምቷ 75፣ የምት እርጭቷ 60 ሚሊ ሊትር ነው። በሩጫ ላይ ምቷ 150፣ የደቂቃ እርጭቷ 13.5 ሊትር ሆነ። የምት እርጭቷ ስንት ሆኗል?*

መልስ፦ በቅድሚያ 13.5 ሊትር ወደ 13,500 ሚሊ ሊትር ይለወጣል። 13,500 ÷ 150 = 90 ሚሊ ሊትር። በዕረፍት የደቂቃ እርጭቷ 75 × 60 = 4,500 ሚሊ ሊትር ወይም 4.5 ሊትር ስለነበር በሦስት እጥፍ አድጓል። ከዚህ ውስጥ የልብ ምት ሁለት እጥፍ፣ የምት እርጭት ደግሞ አንድ ተኩል እጥፍ ሆነዋል፤ 2 × 1.5 = 3። ሁለቱ ዕድገቶች የሚባዙ እንጂ የሚደመሩ አይደሉም።